ቀብዱን ከማስገባትዎ በፊት፦ በቴሌግራም የተደረገ ድርድርን ከስክሪንሾት ላይ ማንበብ

ዋጋ በቴሌግራም ሲደራደሩ ሰንብተው ሻጩ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ልኮ «ቀብድ ያስገቡ» ሲልዎ፣ ገንዘቡን ከማዘዋወርዎ በፊት አንድ ሥራ ይቀርዎታል። ንግግሩን ስክሪንሾት አንስተው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው፣ በውስጡ ያለውን ቀን፣ የገንዘብ መጠን፣ ስምና የተገባ ቃል አንድ በአንድ ማውጣት ነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ግን የሚጠቅመው ከቀብዱ በፊት ሲሠራ ነው።

ምክንያቱ በሕጋችን ውስጥ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱን ለውሉ መደረግ ማስረጃ ያደርገዋል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ከተላለፈ በኋላ «እኔ እንዲህ መስሎኝ ነበር» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። «በቴሌግራም የተባለ ነገር ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ያለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ለማሠራት የሚደረግ ስምምነት የግድ በወረቀት ላይ መስፈር የለበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አንድን መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አትንፈጉት ይላል። የጻፉት ሊያስይዝዎ ይችላል፤ የተጻፈልዎም ሊጠቅምዎ ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ ልትከፍት የተዘጋጀች ሴት ከአንድ እንጨት ሥራ ባለሙያ ጋር የተጻጻፈችው ነው እንበል። ምልልሱን ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ገበያ ላይ በየቀኑ የሚደረገው ግን ይህንኑ ይመስላል። በስክሪንሾቱ አናት ላይ የሚታየው ስም «ጋሼ እንጨት ቤት» ይላል። ከሥሩ ያለው ይኸውና፦

13:48 — እሷ፦ ጋሼ ሰላም ዋሉ? 12 ጠረጴዛና 48 ወንበር በስንት ይሠሩልኛል?

13:55 — እሱ፦ ጠረጴዛው 9500 ወንበሩ 4200

13:57 — እሷ፦ ኧረ ይቀንሱልኝ ጋሼ፣ ወንበሩን 3800 ያድርጉልኝ

14:10 — እሱ፦ ወንበሩን 4 እናርገው ለአንቺ ብዬ ነው

14:11 — እሷ፦ እሺ። በደረሰኝ ነው አይደል?

14:26 — እሱ፦ ግማሽ ቀብድ አስገቢና ነገ እጀምራለሁ

14:27 — እሱ፦ (የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የአንዲት ሴት ስም)

14:30 — እሷ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አስገባለሁ። መቼ ይደርስልኛል?

14:41 — እሱ፦ ከ20 በፊት ይደርሳል። ልጁ ያመጣልሻል

14:42 — እሷ፦ 👍

ላይ ላዩን ሲነበብ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ዋጋ ተቆርጧል፣ ቀብድ ተጠይቋል፣ ቀን ተሰጥቷል። ወረቀት ላይ ማውጣት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ከአራት ቃላት አንዱን ይጻፉ፦ «ተጽፏል»፣ «ተሰልቷል»፣ «በቃል ነው»፣ «አልተባለም»። «ተጽፏል» የሚሉት ጣትዎን በቃሉ ላይ ማሳረፍ ከቻሉ ብቻ ነው። እርስዎ ደምረው ወይም ከአውዱ ተነሥተው የደረሱበት «ተሰልቷል» ይባላል። በስልክ ወይም በአካል የተባለው «በቃል ነው»። ጭራሽ ያልተነሣው «አልተባለም»። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ከአንደኛው ጋር ሲደባልቅ ነው።

ምስሉ ሙሉ ነው?

መጀመሪያ የሚታየው ምስሉ ራሱ ነው። ከላይ ባለው ስክሪንሾት ላይ ሰዓት እንጂ ቀን የለም። ቴሌግራም ቀኑን የሚጽፈው በሁለት ቀናት መካከል በምትመጣ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ወደላይና ወደታች ሲያንሸራትቱም ለአፍታ አናቱ ላይ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ስለዚህ ጸጥ ባለ ገጽ ላይ የተነሣ ስክሪንሾት አብዛኛውን ጊዜ ቀን የለውም። መፍትሔው ወደዚያ ቀን የመጀመሪያ መልእክት ወጥቶ ሰሌዳዋ ስትታይ ማንሣት ነው። ንግግሩ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ምስል የመጨረሻ መልእክት በሁለተኛው ምስል አናት ላይ ተደግሞ ይታይ። ያን ጊዜ በመካከል የተዘለለ ነገር እንደሌለ ማንም ያያል።

ቀጥሎ ከሰዓቱ አጠገብ «edited» የሚል ቃል እንዳለ ይፈልጉ። በቴሌግራም የግል ንግግር ውስጥ የላከ ሰው መልእክቱን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊያርመው ይችላል፤ ከታረመም በኋላ የሚታየው መጀመሪያ የተላከበት ሰዓት ነው። በምሳሌያችን የ13:55ቱ የዋጋ መልእክት ይህ ቃል ቢኖረው፣ እሷ በ13:57 ቅናሽ የጠየቀችው አሁን በሚታየው ዋጋ ላይ ይሁን በሌላ ከምስሉ ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ያለውን መልእክት «ተጽፏል» ብለው አይለፉት፤ ዋጋውን እንደገና ያስጽፉት።

ሌላው ማወቅ ያለብዎ፣ በቴሌግራም የግል ንግግር ውስጥ ከሁለት አንዱ ወገን መልእክቱን ወይም ንግግሩን በሙሉ ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው መቻሉ ነው። ስክሪንሾት ያን ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን ምስል በቀላሉ ስለሚቀናበር ክርክር ቢነሣ ደካማ ነው። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ከንግግሩ ምናሌ ውስጥ `Export chat history` የሚለውን ይጫኑና ቅርጹን JSON ያድርጉት። በሚወጣው ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መልእክት ሙሉ ቀኑን ይዞ ይገኛል፦

```
"date": "2025-09-22T14:41:07",
"from_id": "user...",
"text": "ከ20 በፊት ይደርሳል። ልጁ ያመጣልሻል"
```

የታረመ መልእክት ከሆነ `edited` የሚል ተጨማሪ መስመር ይኖረዋል። `from_id` የሚለው ደግሞ የሰውየው መለያ ቁጥር ነው፤ የመገለጫ ስሙን ቢለዋውጥ እንኳ አይለወጥም። ቀብዱን ከማስገባትዎ በፊት ይህን ፋይል አውጥተው ያስቀምጡ።

«ነገ» የቱ ነው? «20»ስ የየትኛው ወር?

ከፋይሉ እንዳየነው ንግግሩ የተደረገው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ነው። በእኛ ሰኞ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። በንግግር ውስጥ «ነገ»፣ «ዛሬ»፣ «የፊታችን ቅዳሜ» ሲባል የሚቆጠረው መልእክቱ ከተላከበት ቀን ነው። ስክሪንሾቱ ከተነሣበት ወይም እርስዎ ከሚያነቡበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ነገ» ብለው አይጻፉ፤ «ማክሰኞ መስከረም 13» ይበሉ፣ አጠገቡም «ተሰልቷል»።

«3 ሰዓት» የሚለው ደግሞ በእኛ ቆጠራ ነው፤ «ጠዋት» የሚል ስላለበት ስልኩ 9:00 የሚለው መሆኑ አያሻማም። የመልእክቱ ማኅተም ግን በስልኩ ቆጠራ ነው፤ 14:30 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ ምስል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ ማለት ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ሲሆኑ ይግባባሉ። አንደኛው ወገን ዱባይ ወይም ጓንጁ ሆኖ «በ10 ሰዓት እደውላለሁ» ካለ ግን የማንን 10 ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ገንዘቡን የምትልከው እህት ሜሪላንድ ሆና ያው ንግግር በእሷ ስልክ ላይ ቢነበብ ደግሞ ሰዓቶቹ በሙሉ ይለወጣሉ፤ በመስከረም ወር ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ የእኛ 14:30 በእሷ ስልክ 07:30 ይላል። አዲስ አበባ ላይ ማክሰኞ ማለዳ የተላከ መልእክት እሷ ዘንድ ሰኞ ማታ ላይ ስለሚያርፍም፣ «ነገ» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ስክሪንሾት ከውጭ ሲመጣልዎ በማን ስልክ ላይ እንደተነሣ መጀመሪያ ይጠይቁ።

ከሁሉም የከበደው «ከ20 በፊት» የሚለው ነው። ባለሙያው የኛን ወር ቆጥሮ ከሆነ መስከረም 20 ማለቱ ነው፤ ያም ሴፕቴምበር 30 ነው። የፈረንጁን ቆጥሮ ከሆነ ቀጣዩ 20 ኦክቶበር 20 ነው፤ ያ ደግሞ ጥቅምት 10 ላይ ይውላል። በሁለቱ መካከል 20 ቀን አለ። ካፌው የሚከፈትበት ቀን ታውቆ ኪራይ መቁጠር ከጀመረ 20 ቀን ቀላል አይደለም። «ከ20 ቀን በፊት» ማለቱ ነው ብሎ የሚያነብም አይጠፋም። ከአውዱ ስንገምት ከእንጨት ቤት የሚሰማው የሐበሻ ቀን ስለሆነ መስከረም 20 ያስኬዳል። ነገር ግን ግምት ነው። ደግሞም ያ ንባብ ለባለሙያው ምን ያህል የሥራ ቀን እንደሚተው ይቁጠሩ። ከመስከረም 13 እስከ 19 ሰባት ቀን ነው፤ ቅዳሜ መስከረም 17 መስቀል ነው፣ ማግሥቱ እሑድ ነው። አምስት የሥራ ቀን ይቀራል። በአምስት ቀን 60 ዕቃ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ ይደርቃል ወይ? የተሰጠ ቀን በሥራው መጠን ሲመዘን የማያስኬድ ከሆነ፣ ወይ ቀኑን በትክክል አላነበቡትም፣ ወይ ሰውየው ገንዘቡን ፈልጎ ነው ያለው። ሁለቱም ከቀብዱ በፊት መታወቅ አለባቸው።

በነገራችን ላይ ቀን ሲለውጡ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር አይደምሩ። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ነው የዋለው። ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ዓመት ግን በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል፤ 2020 ዓ.ም. እንዲሁ ነው። በዚያ ዓመት ያለፈውን ልማድ ይዞ የሚደምር ሰው እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይስታል።

ገንዘቡ ስንት ነው?

ቁጥሮቹን በተጻፉበት ቅርጽ ይገልብጡ፣ ከዚያ ይተርጉሙ። ባለሙያው የጻፈው «4» ነው፤ 4,000 አላለም። ከ4200 እና ከ3800 መካከል ስለመጣ 4 ሺህ ብር ማለቱ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም «ተሰልቷል» እንጂ «ተጽፏል» አይባልም። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስተው በትልልቅ ገንዘብ ሲሆን ነው። «450 እንጨርሰው» ሲባል መኪና ላይ 450 ሺህ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ሌላ ነው። ነጥብና ሰረዝም ይያዙ፤ 4.500 ብሎ አራት ሺህ አምስት መቶ የሚጽፍ አለ። ምስሉን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር መተግበሪያ ካወጡት ደግሞ ቁጥሮቹን በዓይንዎ ከምስሉ ጋር ያመሳክሩ፤ በደበዘዘ ስክሪንሾት ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ።

የዋጋውን መስመር በቅደም ተከተል ይከተሉ። እሱ 4200 አለ፣ እሷ 3800 አለች፣ እሱ 4 አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1694 መሠረት የቀረበን ዋጋ ለውጦ መመለስ የቀድሞውን እንደመተውና አዲስ ሐሳብ እንደማቅረብ ይቆጠራል። ስለዚህ 4200ም 3800ም ሞተዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው 4 ብቻ ነው። የእሷ «እሺ» በቀጥታ ከሱ ሥር ስላለ የወንበሩ ዋጋ ተቆርጧል ማለት ይቻላል። የጠረጴዛው 9500 ግን? በእሱ ላይ ማንም አልተከራከረም፤ ማንምም ለይቶ «ተስማማሁ» አላለም። «እሺ»ው ሁለቱንም ይሸፍናል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በአንድ ቃል ማስረገጥ ግን ከመከራከር ይሻላል።

አሁን እንደምር። 12 ጠረጴዛ በ9,500 ሲባዛ 114,000 ብር። 48 ወንበር በ4,000 ሲባዛ 192,000 ብር። ድምሩ 306,000 ብር። ይህ ድምር በንግግሩ ውስጥ የትም የለም፤ እኛ ያሰላነው ነው። ግማሹ 153,000 ብር ይሆናል፤ ይህም አልተጻፈም።

ከዚያ የደረሰኙ ጥያቄ ይመጣል። «በደረሰኝ ነው አይደል?» ብላ በ14:11 ጠየቀች። ባለሙያው ከሩብ ሰዓት በኋላ የመለሰው ስለ ቀብድ ነው። ጥያቄዋ መልስ አላገኘም። ብዙ ገዢዎች «ካልተቃወመ ተስማምቷል» ብለው ያልፉታል፤ ሕጉ ግን በቁጥር 1682 ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥረውም። ከመልእክቷ ጎን ሁለት ምልክት ✓✓ ቢታይም በቴሌግራም መነበቡን እንጂ መስማማትን አያሳይም። ባለሙያው የቫት ተመዝጋቢ ሆኖ «ቫት ለብቻው ነው» ቢላት፣ 15 በመቶው 45,900 ብር ነው፤ ጠቅላላው 351,900 ብር ይደርሳል። ቅናሽ ተከራክራ ያተረፈችው 9,600 ብር ነበር። ያልተመለሰው ጥያቄ ከዚያ ብዙ እጥፍ ገንዘብ ይዟል። በወረቀቱ ላይ «ደረሰኝና ቫት፦ አልተባለም» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ከማን ጋር ነው የተስማሙት?

በስክሪንሾቱ አናት ላይ ያለው «ጋሼ እንጨት ቤት» እሷ ራሷ ስልኳ ላይ የመዘገበችው ስም ነው። ባለሙያው ማን መሆኑን አይናገርም፤ ለሦስተኛ ወገንም ምንም አያስረዳም። መገለጫውን ከፍተው ስልክ ቁጥሩና የተጠቃሚ ስሙ በሚታይበት ገጽ ላይ ሌላ ስክሪንሾት ያንሱ። ከዚያ ሙሉ ስሙን፣ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ እንደሚነበበው ይጠይቁት። የሰው ስም በሰ ወይም በሠ፣ በሀ ወይም በሐ እየተጻፈ ስለሚለያይ፣ በላቲን ፊደል ሲሆንማ ይበልጥ ስለሚለያይ፣ እርስዎ ደስ ባለዎ አጻጻፍ ሳይሆን በፈቃዱ ላይ እንዳለው ይገልብጡ።

ሒሳቡ ያለው በአንዲት ሴት ስም ነው። ምናልባት ሚስቱ ናት፣ ምናልባት ገንዘብ ያዡ። ንግግሩ አይናገርም። ብዙ ጊዜ ምንም ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለማይዋዋልዎ ሰው ከገባ በኋላ «እኔ ገንዘብ አልተቀበልኩም» ቢባሉ ማስረጃዎ ይዳከማል። ባለሙያው «ይህ ሒሳብ የእገሌ ነው፤ እዚያ የገባው ለእኔ እንደገባ ይቆጠር» ብሎ በራሱ ጣት ይጻፍ። የሒሳቡን ቁጥር ከምስሉ እያዩ አይተይቡ፤ ከመልእክቱ ቀድተው ይለጥፉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ 13 አኃዝ መሆኑንና በ1000 መጀመሩን ይቁጠሩ። ባንኩ ከማዘዋወርዎ በፊት የሚያሳይዎትን የተቀባይ ስምም በመልእክቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ።

«ልጁ ያመጣልሻል» የተባለውም ልጅ ስም የለውም። ለጊዜው «ዕቃ አምጪ፦ ያልተጠቀሰ» ብሎ መያዝ ይበቃል።

ማን ምን ሊያደርግ ቃል ገባ?

ለዚህ ክፍል በወረቀቱ ላይ አምስት አምድ ያስምሩ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ምን ከተሟላ፣ ቃል በቃል። የመጨረሻው አምድ ትልቁ ነው፤ ከመልእክቱ እንዳለ የተገለበጠ መሆን አለበት። «በሰዓቱ ሊያደርስ ቃል ገባ» ብሎ በራስ ቋንቋ መጻፍ ያልተባለውን ይጨምራል።

ከምሳሌው የሚወጣው ይህ ነው። እሷ ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ልታስገባ ቃል ገብታለች፤ ስንት እንደሆነ ግን አልጻፈችም። እሱ «ነገ እጀምራለሁ» ብሏል፤ ግን «ግማሽ ቀብድ አስገቢና» ከሚለው ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካልገባ መጀመር የለበትም፤ ማክሰኞ ከሰዓት ከገባም ረቡዕ ቢጀምር አይወቀስም። ሦስተኛው «ከ20 በፊት ይደርሳል» ነው። እዚህ ላይ አድራጊውን ይፈልጉ። «አደርሳለሁ» አላለም፣ «ይደርሳል» ነው ያለው፤ ሥራው ተሠርቶ ያልቃል ማለት ይሆን ወይስ ካፌው በር ላይ ይራገፋል? ቀጥሎ «ልጁ ያመጣልሻል» ስላለ ሁለተኛውን ያጠናክራል። መኪናውን ማን ይከፍላል፣ ማን ያራግፋል የሚለው ግን አልተባለም። አድራጊው የጠፋበትን ግሥ ሁሉ፣ «ይላካል»፣ «ይስተካከላል»፣ «ይጨመራል» የሚሉትን፣ አስምረውበት «በማን?» ብለው ይጻፉ።

የመጨረሻዋ የአውራ ጣት ምልክትም አለች። ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች በኋላ የመጣች ናት። «ሰማሁ» ማለት ትሆናለች፣ «ቀኑን ተቀበልኩ» ማለትም ትሆናለች። ከእርስዎ የወጣ ምልክት እርስዎን ሊያስይዝ እንደሚችል አስበው፣ ቀን ወይም ገንዘብ በተነሣበት ቦታ ላይ በቃል ይመልሱ።

ከዚያ የጎደለውን ይዘርዝሩ። ካፌዋን የምትከፍተው ሴት እንጨቱ ዋንዛ እንዲሆን ከባለሙያው ጋር በስልክ ተነጋግራ ነበር እንበል። በመልእክቶቹ ውስጥ ግን ስለ እንጨቱ ዓይነት አንድም ቃል የለም። «በቃል ነው» ተብሎ ይያዛል። ቀለም፣ ልኬት፣ ቀሪው ግማሽ የሚከፈልበት ቀን፣ ከዘገየ ምን ይሆናል የሚለው፣ ሁሉም «አልተባለም»። «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱም ይጠየቅ። ሰው ቀብድና ቅድሚያ ክፍያን ቀላቅሎ ይጠራቸዋል፤ በመጀመሪያው ላይ ግን ከላይ ያየነው የማጣትና እጥፍ የመመለስ ደንብ ይመጣል። ሥራው ቢፈርስ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጻፍ ያዋጣል።

አንድ መልእክት ይላኩ

ወረቀቱ ሲያልቅ የተጻፈውንና የተሰላውን አረጋግጠው፣ ያልተባለውን ጠይቀው በአንድ መልእክት ይላኩ። ብዙ መልእክት ከሆነ መልሱ የየትኛው እንደሆነ እንደገና ይጠፋል። እሷ እንዲህ ብትጽፍለት፦

«ጋሼ፣ በኋላ እንዳንቀያየም የተነጋገርነውን ጽፌዋለሁ፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙኝ። 12 ጠረጴዛ አንዱ በ9,500፣ 48 ወንበር አንዱ በ4,000፣ ጠቅላላ 306,000 ብር። እንጨቱ በስልክ እንዳሉኝ ዋንዛ ነው። 153,000 ብር ነገ ማክሰኞ መስከረም 13 ጠዋት በ3 ሰዓት አስገባለሁ፤ ቀሪውን ዕቃው ካፌዬ ደርሶ ካየሁት በኋላ እከፍላለሁ። ዕቃው እስከ ሰኞ መስከረም 19 ማታ ይደርሳል። ሦስት ነገር ይንገሩኝ፦ ደረሰኝ ይሰጡኛል፣ ዋጋው ቫትን ይጨምራል? የመኪናውን ማን ይከፍላል? የላኩልኝ ሒሳብ የማን ነው?»

«20»ን «እስከ መስከረም 19 ማታ» አድርጋ ስለጻፈችው ወሩም ታወቀ፣ 20 ራሱ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውም ተዘጋ። ባለሙያው ከመለሰ መልሱ ከዚህ መልእክት ጋር ተያይዞ (ሪፕላይ ተደርጎ) እንዲመጣ ትጠይቀው። ሪፕላይ ሲደረግ በምስሉ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መልእክት ጥቂት ቃል ብቻ ስለሆነ ግን ሁለቱንም መልእክት በሙሉ ይዛ ስክሪንሾት ታንሣ።

እሱ «ደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመራል። መኪና ያንቺ ነው። ሒሳቡ የባለቤቴ ነው። ቀኑ መስቀል ስላለ እስከ 25 አድርጊው፣ ሌላው ልክ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ በስክሪንሾቱ ላይ ያለቀ የመሰለው ንግግር በአራት ቦታ ተከፍቷል። ይህ ለእሷ ጥሩ ዜና ነው፤ ገንዘቡ ገና በእጇ ነው። ጠቅላላው 351,900 ብር ሆኗል፤ የመኪናው ኪራይም ይጨመርበታል። እሷ ራሷ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነች የከፈለችውን ቫት ከምትሰበስበው ላይ ማቀናነስ ስለምትችል በደረሰኝ መግዛት ያዋጣታል፤ ካልሆነች 45,900ው ሙሉ ወጪ ነው። በደረሰኝ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በባለቤቱ ሳይሆን ደረሰኙን በሚቆርጠው ድርጅት ስም ባለ ሒሳብ ቢገባ ሰነዶቿ ይገጥማሉ። መስከረም 25 እሑድ ላይ ስለሚውል «ቅዳሜ 24 ማታ» ብላ ታስተካክለዋለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ግማሽ የተባለው የ306,000 ነው ወይስ የ351,900? በመጀመሪያው 153,000፣ በሁለተኛው 175,950 ብር ነው። «153ቱን አስገቢ፣ ቫቱ በመጨረሻው» ካላት ይህም ቃል በቃል ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ዕቃው ሲደርስ የምትከፍለው ቀሪ 198,900 ብር ይሆናል።